አዛውንቱ «አልፈልግም» አይሉም

አያቴ በስተርጅና ጉልበቷን ያማት ነበር። ከቤት ስትወጣ «እማማ፣ ምርኩዝሽን ያዢ እንጂ» እንላታለን። አንድም ቀን «አልይዝም» ብላ አታውቅም። ምርኩዙን በሩ ሥር ተደግፎ ታየዋለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ከዚያ «ተወው፣ እሱም ይረፍ» ብላ ትወጣለች። በዚች አጭር ንግግር ውስጥ እምቢታ የሚባል ቃል የለም። ከእሷ የበለጠ እምቢ ያለ ሰው ግን አላየሁም።

የወጣት ጸሐፍትን የአጭር ልቦለድ ረቂቅ ሳነብ ይህች የአያቴ አነጋገር ሁልጊዜ ትመጣብኛለች። በብዙዎቹ ረቂቆች ውስጥ አንድ ግትር ሽማግሌ ወይም አንዲት ሐሳቧን የማትለውጥ አሮጊት አሉ። ሲናገሩ ግን የሚሰማው የጸሐፊው ድምፅ ነው፤ ዕድሜያቸውም ግትርነታቸውም በተራኪው ገለጻ ላይ ብቻ ይቀራል። እንዲህ ያለውን አንድ ንግግር አንስተን ከባለቤቱ አፍ የወጣ እስኪመስል ድረስ እንዴት እንደሚታረም እንይ። ምሳሌውን ለዚሁ ጽሑፍ ብዬ ነው የፈጠርኩት።

ታሪኩ በ2015 ደብረ ብርሃን ውስጥ ይካሄዳል። ባለታሪኩ የሰማንያ ዓመት አዛውንት ናቸው። በጉልምስናቸው ኤንትሬ እየነዱ በጣርማ በር ቁልቁል አሰብ ይመላለሱ ነበር። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ብቻቸውን ይኖራሉ። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው ልጃቸው ልትወስዳቸው መጥታለች። «አባባ፣ ይነሱ፤ ከእኔ ጋር ይኖራሉ» ትላቸዋለች። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ አዛውንቱ እንዲህ ይመልሳሉ፦

«አይ ልጄ፣ ከዚህ ቤት መውጣት አልፈልግም። ምክንያቱም እናትሽ ያረፈችው እዚህ ነው፤ ብዙ ትዝታም አለኝ። ደግሞም ጎረቤቶቼን መተው ይከብደኛል።»

ንግግሩ የሰዋስው ስህተት የለበትም፣ ሐሳቡም እውነት ነው። ችግሩ ግን ማንም ሊለው መቻሉ ነው። ልጅቷ ራሷ ሥራ ቀይራ ወደ ሌላ ከተማ እንድትሄድ ብትጠየቅ፣ «እናትሽ» የሚለውን «እናቴ» ብላ ይህንኑ ቃል በቃል ልትደግመው ትችላለች። የመጀመሪያው ፈተና ይኸው ነው። የአንድን ገጸ ባሕርይ ንግግር ለሌላው ስትሰጡት የሚመቸው ከሆነ ገና ባለቤት አላገኘም ማለት ነው።

ለመሆኑ ምኑ ነው የአዛውንቱ ያልሆነው? «ምክንያቱም» የሚለውን ቃል እንመልከት። ይህ የፈተና ወረቀትና የማመልከቻ ቃል ነው። ግትር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የማያደርገው ነገር ቢኖር ምክንያቱን በተራ መዘርዘር ነው። ምክንያት የሚዘረዝር ሰው ለክርክር በሩን ከፍቷል፤ ልጅቷ አንዱን ምክንያት ስትመልስለት ሌላውን ማቅረብ ግዴታው ይሆናል፣ በመጨረሻም ያልቅበታል። ግትሩ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ዋናውን ምክንያት ደብቆ ትንሿን ወደ ፊት ያወጣል። «ብዙ ትዝታ አለኝ» የሚለውም እንዲሁ ተራኪው ሊነግረን የሚገባውን ነገር በሽማግሌው አፍ ላይ ማስቀመጥ ነው። ትዝታ ያለው ሰው ትዝታ እንዳለው አያስታውቅም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን «አልፈልግም» ነው። በጉዳዩ ላይ ጆሯችሁን ጣል አድርጋችሁ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ብትሰሙ፣ ግትሩ አዛውንት ስለ ራሱ ፍላጎት እምብዛም አያወራም። «አይሆንም» ይላል፣ «አይደረግም» ይላል፣ «ወግ አይደለም» ይላል። እምቢታው ከእሱ የመጣ ሳይሆን ከምድርና ከሰማይ ሕግ የመጣ ያስመስለዋል። ፍላጎት ከሆነ በልመና ሊለወጥ ይችላል፤ የማይሆን ነገር ግን ቢለምኑት አይሆንም። «አልፈልግም» ከሚል ሰው ጋር መደራደር ይቻላል፣ «አይሆንም» ያለውን ሰው ግን ሽማግሌ ልኮ ማስለመን ነው የሚቀረው።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፍት ችግሩ ይገባቸዋል፣ መፍትሔው ግን ያስታቸዋል። ሽማግሌው በቂ ሽማግሌ እንዳልሆነ ስለሚሰማቸው ድምፁን ከፍ ያደርጉና ተረት ይጭኑበታል። ሁለተኛው ረቂቅ ብዙውን ጊዜ ይህን ይመስላል፦

«እምቢ አልኩ፣ እምቢ! ፍንክች የአባ ቢላዋ ልጅ! የሰው ወርቅ አያደምቅም! በእኛ ጊዜ ልጅ አባቱን አያዝም ነበር!»

ይህ ሰው የመድረክ ሽማግሌ ነው። ጺም የተለጠፈለት፣ ከዘራ የተሰጠው፣ በየመንደሩ ቴአትር የምናውቀው። ጩኸቱ ግትርነትን አያሳይም፤ የሚጮህ ሰው ሊሸነፍ እንደሚችል የተሰማው ሰው ነው። ተረቱም ቢሆን የማንም ነው። በሌላ በኩል ተረትን ከአዛውንት አፍ ጨርሶ ማውጣትም ልክ አይደለም፤ ሰዎቹ በእርግጥ ይተርታሉ። ልዩነቱ አተራረቱ ላይ ነው። የቤት ሰው ለቤት ሰው ሲተርት እስከ መጨረሻው አይሄድም። «እንግዲህ የሰው ወርቅ…» ብሎ ይተወዋል፣ ቀሪውን ሰሚው በሆዱ ይጨርሰዋል። በእኛ ታሪክ ውስጥ ደግሞ ይህች ግማሽ ተረት ሌላ ሥራ ትሠራለች። አባት የልጁን ቤት «የሰው» ብሎ ጠራው ማለት ነው። ልጅቷ ይህን ስትሰማ ከጩኸቱ ሁሉ የበለጠ ይቆረቁራታል። ተረት ሲገባ ሰው መንካት አለበት። ማንንም ካልነካ ጌጥ ነውና ይውጣ።

እንግዲህ ጩኸቱንም ዝርዝሩንም ሰርዘን ከባዶ እንጀምር። አንድ ጥያቄ ብቻ እንጠይቅ፦ እኚህ ሰው እዚህ ቤት ውስጥ ምን የሚቆጠር፣ የሚዳሰስ፣ የሚከፈል ነገር አላቸው? ትዝታ አይቆጠርም። እድር ግን ይቆጠራል። አዛውንቱ በየወሩ እየከፈሉ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። ድንኳኑ ሲገዛ አዋጥተዋል፣ ብረት ድስቱንና ወንበሩን ያውቁታል፣ ሌሊት ጥሩምባ ሲነፋ ስንቱን ቀባሪ ቀስቅሰዋል። ሚስታቸውን የቀበረው ይኸው እድር ነው። ለቅሶው ላይ የተተከለውን ድንኳን ልጅቷም ታስታውሰዋለች። ዋናው ምክንያት፣ ማለትም ሚስታቸው፣ ሳትጠራ በውስጡ አለች። ስለዚህ ሦስተኛው ረቂቅ ከአንድ ቃል ይጀምራል፦

«እድሬስ?»

በቃ። በአማርኛ «ስ» የምትባለው ምዕላድ የምትሠራውን ሥራ ልብ በሉ። «አንተ ስለ እኔ ስታስብ ይህን አስበሃል ወይ» የሚለውን ረጅም ወቀሳ በአንዲት ፊደል ትሸከማለች። የአዛውንት ንግግር ሲታረም ብዙውን ጊዜ ሥራው ያለው በእነዚህ ጥቃቅን ምዕላዶች ላይ ነው። «ደህና ነኝ» ያለ ሰው ጤናውን ነገረን። «ደህናማ ነኝ» ያለ ሰው «ግን» የሚል ነገር በሆዱ ይዟል። «ደህና ነኝ እኮ» ያለ ደግሞ ደጋግመው ጠይቀውት ሰልችቶታል። ጸሐፊው ቃሉን ሳይለውጥ በአንዲት ምዕላድ ብቻ ሰውየውን ሊለውጠው ይችላል።

«እድሬስ?» ጥሩ ንግግር ነው፣ ግን ገና የማንኛውም የእድር አባል ነው። የእኚህ ሰው እንዲሆን የሙያቸው አሻራ ይፈልጋል። ሹፌር ነበሩ። ስለ ጭነት፣ ስለ ጎማ፣ ስለ ፍሬን ሲያስቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ለእሳቸው «ከቤት መውጣት» ማለት መጫን ማለት ነው። ይህን ስናስገባ የመጨረሻው ረቂቅ ይወጣል፦

«እሺ። አርባ ዓመት የከፈልኩትን እድርስ በየትኛው ተሳቢ ትጭኚዋለሽ?»

እያንዳንዱ ቃል ለምን እንደገባ ልንገራችሁ። «እሺ» ይሁንታ አይደለም። አገራችን ውስጥ እሺ ተብሎ የቀረውን ነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚህ የገባው የልጅቷን ክርክር ከመጀመሩ በፊት ባዶ ስለሚያደርገው ነው፤ እሺ ካላት ሰው ጋር ምን ብላ ትከራከራለች? «አርባ ዓመት» ቁጥር ነው፣ አይስተባበልም። «ተሳቢ» የሰውየውን ሃምሳ ዓመት የመንገድ ኑሮ በአንድ ቃል ያመጣዋል፤ ተራኪው «የቀድሞ ሹፌር ነበሩ» ብሎ ማስታወስ አያስፈልገውም። በመጨረሻም ዓረፍተ ነገሩ በጥያቄ ያልቃል። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣልና ሰሚው ንግግሩ ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቀው መዝጊያው ላይ ነው። ግትሩ ሰው ይህን ይጠቀምበታል። ልጅቷ «እሺ»ን ሰምታ ፊቷ ፈካ ሲል የመጨረሻው ቃል ይመጣና ሸክሙ በእሷ ትከሻ ላይ ያርፋል።

ንግግሩ መቆሙ የሚታወቀው በቀጣዩ ምላሽ ነው። ልጅቷ ሞኝ አይደለችምና «አባባ፣ እዚያም እኮ እድር አለ» ትላለች። የመጀመሪያው ረቂቅ ሽማግሌ እዚህ ላይ ያልቅበት ነበር። የአሁኑ ግን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «አለ? ጥሩምባ ነፊው ማን ብሎ ሊጠራኝ?» ይላሉ። ግትር ሰው አንድ ሰበብ ሲፈርስበት ቀጣዩ ከኋላው ተሰልፎ ይጠብቃል፣ ሁሉም ግን ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። እዚህ ምንጩ «የሚያውቀኝ በሌለበት አልሞትም» የሚል ነው። ጸሐፊው ይህን ዓረፍተ ነገር በማስታወሻው ላይ ይጻፈው፣ በታሪኩ ውስጥ ግን አንድም ጊዜ እንዳያወጣው።

እስካሁን «ግትር» እያልን ያለፍነው ቃልም መለየት ይፈልጋል። አማርኛ ለዚህ ጠባይ ብዙ ስም ያለው ያለ ነገር አይደለም። ደረቅ የሚባለው ሰው ቃል ይቆጥባል። ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብለት «በሩን ዝጊው፣ ብርድ ነው» ብሎ ዝም ይላል። እልኸኛው ደግሞ ነገሩ ሳይሆን አጠያየቁ ነው የሚያስቆጣው፦ «ለምነሽኝ ቢሆን እመጣ ነበር። ያዘዝሽኝ ጊዜ ቀረሁ። እንዲያውም ነገ አጥሩን አሳጥራለሁ።» ችኮው አንዲት ነገር ይዞ ይመላለስባታል፤ ስለ ምሳ ቢጠየቅም ስለ እድር ይመልሳል። ሦስቱም አይሄዱም፣ ግን አንዱ የሌላውን ቃል ቢናገር ታሪኩ ይፈርሳል። በ1958 በታተመው በሐዲስ አለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ፊታውራሪ መሸሻም ጉዱ ካሳም ከያዙት ነገር ፍንክች አይሉም። አንዱን የሚያቆመው የዘር ክብሩ ነው፣ ሌላውን ደግሞ የገዛ ምርምሩ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው ስማቸው ሳይጠራ ማን እየተናገረ እንደሆነ የሚለየው ድምፁ ስለተለወጠ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዳቸው ነገሩን የሚይዙበት መንገድ የተለያየ ስለሆነ ነው።

ባለታሪኳ አሮጊት ስትሆን ደግሞ እምቢታው ብዙ ጊዜ በመስተንግዶ ይሸፈናል። «መጀመሪያ ቡናሽን ጠጪ» ትላለች እናት፤ አቦሉ ይጠጣል፣ ቶናው ይቀዳል፣ በረካው ይደርሳል፣ ጀንበር ታዘቀዝቃለች፣ ልጅቷም ጉዳዩን ሳታነሳ ትሄዳለች። ሌላው መንገድ ምርቃት ነው። «ተባረኪ ልጄ፣ ያሰብሽልኝን እግዜር ይቁጠርልሽ» የተባለች ልጅ ምን ልትል ትችላለች? «አሜን» ብላ ትነሳለች እንጂ። ከምርቃት በኋላ ክርክር የለም። በገጽ ላይ ይህን የሚያህል ጠንካራ እምቢታ በጩኸት አይገኝም።

መጠሪያው ላይም አይን ይጣል። በከተማ «እርስዎ»፣ በብዙ የገጠር አካባቢ «አንቱ» የሚባሉ አዛውንት፣ ለልጃቸው ሁልጊዜ «አንቺ» ናቸው። አንድ ቀን ግን ተናደው ልጃቸውን «እርስዎ ካዘዙማ ምን አቅም አለኝ» ቢሏት ቤቱ ውስጥ ነጎድጓድ እንደወረደ ይቆጠራል። አባት ስለ ራሱ ሲናገር «እኔ» ትቶ «አባትሽ» የሚልበት ጊዜም አለ፦ «አባትሽ ገና አልሞተም።» እንዲህ ያለው ግልበጣ ኃይል የሚኖረው በታሪኩ ውስጥ አንዴ ሲመጣ ብቻ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የዕድሜ ስሌት ነው። ረቂቆች ላይ የማያቸው ሽማግሌዎች በሙሉ ጣልያንን ተዋግተዋል። የእኛ አዛውንት በ2015 ሰማንያ ዓመታቸው ከሆነ የተወለዱት በ1935 ነው፤ ጣልያን ከተባረረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። የአርበኝነቱን ወሬ ከአባታቸው የሰሙ እንጂ ያዩት አይደሉም። የታኅሣሥ ግርግር በ1953 ሲሆን የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት ነበሩ፣ አብዮቱ ሲፈነዳ ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነው፣ በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነስቶ የአሰብ መንገድ ሲቆም ሃምሳ አምስት ደርሰዋል። ስለዚህ «ድሮ» ሲሉ የሚናፍቁት ያን መንገድ ነው። መሐላቸው «ኃይለ ሥላሴ ይሙት» ሊሆን ይችላል፤ በልጅነታቸው የሰሙት ስለሆነ። ሐምሳ ሳንቲምን «ሽልንግ» ቢሉ ያምርባቸዋል። «ፍሬን» እና «ማርሽ» ከባዕድ ቋንቋ የመጡ ቢሆኑም በእሳቸው አፍ ንጹሕ አማርኛ ናቸው። ሽማግሌ ስለሆኑ ብቻ ግን ማንም የማይናገረውን የግእዝ ቃል አትጫኑባቸው። ሹፌር እንጂ ደብተራ አይደሉም።

ይህ ሁሉ ሲባል መጠኑ መጠበቅ አለበት። እያንዳንዱ ንግግራቸው እንዲህ ከተሳለ አንባቢ ይደክማል፣ ሰውየውም የቀልድ አሻንጉሊት ይሆናሉ። ግትር ሰውም «ውሃ ስጪኝ» ሲል ውሃ ነው የሚጠይቀው። የተሳለው ንግግር ግፊያ ባለበት ቦታ፣ ምናልባት በታሪኩ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል። ከእነዚህም አንዱ የሚሸነፉበት ቢሆን መልካም ነው። የእኛ አዛውንት በስተመጨረሻ ቢረቱ «እሺ ልጄ፣ አሸነፍሽኝ» አይሉም። በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ለመሄድ መኪናዋን ስታስነሳ በር ላይ ቆመው ያዩአታል። ከዚያ እንዲህ ይላሉ፦

«የኋላው ጎማ ነፋስ አንሶታል። ሁለት ሰው ሲጫን ይተኛል።»

መኪናው ውስጥ ያለችው ልጅቷ ብቻ ናት። ሁለተኛው ሰው ማን እንደሆነ አልተነገረም፤ አንባቢ ግን ገብቶታል። እምቢታቸው በጭነት እንደነበረ እሺታቸውም በጭነት መጣ። አንድ ሰው ድምፅ አለው የምንለው ሲከለክልም ሲፈቅድም ያው ሰው ሲሆን ነው።

ረቂቅ በእጃችሁ ያለ ጸሐፍት፣ ዛሬ ማታ ገጻችሁን ገልጣችሁ አዛውንቱ የተናገሩትን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። «ምክንያቱም»ን ሰርዙት። «አልፈልግም» ባለበት ቦታ ላይ ሰውየው ቤታቸው ውስጥ ቆጥረው የሚያውቁትን አንድ ነገር አስቀምጡ። ከዚያ ንግግሩን ለሌላ ገጸ ባሕርይ ስጡት። እምቢ ብሎ አልገጥም ካለ፣ ያ ንግግር የአዛውንቱ ነው።